ለእግረኛ፣ ለዴሊቨሪ ወይስ ለቦታ ማስያዝ? የዳር ሰፈር ካፌ በቲክቶክና በቴሌግራም ምን ይለጥፍ

የአክስቴ ልጅ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ውስጥ፣ ከአንድ ብሎክ ሥር ባለ ንግድ ቤት ካፌና ምግብ ቤት ከፍታለች። 11 ጠረጴዛ፣ 44 ወንበር፣ ሁለት ወጥ ሠሪና ሦስት አስተናጋጅ አላት። ገጾቿን የምይዝላት እኔ ነኝ፤ ከሥራ መልስ፣ በቀን አንድ ሰዓት የማትሞላ ጊዜ ነው ያለኝ። ይህችን አንድ ሰዓት በምን ላይ እንደማጠፋት ለማወቅ አንድ የሚያሳፍር ዓርብ አስፈልጎኛል።

በመጀመሪያው ወር የሽሮ ተጋቢኖና የበያይነቱ ቪዲዮ ቀርጬ ቲክቶክ ላይ ለጠፍኩ። ሸክላው ሲንተከተክ፣ ቃሪያው ሲወድቅበት፣ ድምፁ ሁሉ ይሰማል። በአንድ ሳምንት ከ60 ሺህ ሰው በላይ አየው። እኔም በደስታ፣ በዚያው ቀን «ዓርብን ከእኛ ጋር! ያሉበት እናደርሳለን! ለቡድን ቦታ ያስይዙ!» የሚል ጽሑፍ በሁሉም ገጽ ላይ በተንኩ። ዓርብ 6 ሰዓት ተኩል ላይ እንደማንኛውም ዓርብ ቤቱ ጢም አለ። ስልኩ ደግሞ ያለማቋረጥ ይጮኻል፤ አሥራ አራት የዴሊቨሪ ትእዛዝ መጣ። በመሐል ለአሥር ሰው ቦታ ያስያዙ አንዲት እናት እንግዶቻቸውን አስከትለው ገቡና ጠረጴዛቸው ላይ ሌላ ሰው ሲበላ አገኙ። የተቀመጠው አርባ ደቂቃ ጠበቀ፣ ቤቱ ያለው ቀዝቃዛ ሽሮ ደረሰው፣ እናትየዋም ሳይበሉ ሄዱ።

በር ላይ የሚመጣው፣ በስልክ የሚያዝዘውና ቦታ የሚያስይዘው ሦስት የተለያዩ ደንበኞች ይመስላሉ እንጂ የሚበሉት ከአንድ ምድጃ ነው። ስለዚህ «ቲክቶክ ይሻላል ወይስ ቴሌግራም?» ብሎ መጀመር አያዋጣም። መጀመሪያ መታወቅ ያለበት ባዶ የሆነው ሰዓት የትኛው እንደሆነና ያንን ሰዓት ከሦስቱ የትኛው ደንበኛ ቢሞላው እንደሚያዋጣ ነው። ገጹ የሚመረጠው ከዚያ በኋላ ነው።

መጀመሪያ ደብተሩ

ሁለት ሳምንት ሙሉ ከአስተናጋጆቹ አንዷ በየሰዓቱ ሁለት ቁጥር ብቻ መዘገበች፦ ስንት ወንበር ተይዟል፣ ስንት የስልክ ትእዛዝ መጥቷል። ሌላ ምንም አልጨመርንም፤ ብዙ ዓምድ ያለው ደብተር በሦስተኛው ቀን ይተዋል።

የወጣው ነገር የመሐል ከተማ ካፌን አይመስልም። የሰፈራችን ሰው ጠዋት ወጥቶ ወደ ከተማ ይሄዳል፣ ማታ ይመለሳል። ስለዚህ በአዘቦት ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ወንበሩ ሲሦ ያህል ብቻ ይያዛል፤ የሚመጡት የአካባቢው አስተማሪዎች፣ የግንባታ ሠራተኞችና ጥቂት የቢሮ ሰዎች ናቸው። ረቡዕና ዓርብ ግን በጾሙ ምክንያት ከ6 እስከ 8 ሰዓት ይሞላል። ከ9 እስከ 11 ሰዓት ጭር ይላል፤ ስድስት ሰው ቢገኝ ነው። ከ12 ሰዓት በኋላ ታክሲና አውቶቡስ ሰውን መመለስ ሲጀምሩ እንደገና ይነቃል። ቅዳሜ ማታ ሙሉ ነው። እሑድ ጠዋት ከቅዳሴ መልስ ቁርስ ይሞላል፣ ከ8 ሰዓት በኋላ ግን ወንበሩ ዝም ብሎ ይቀመጣል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ይህ ካርታ ዓመቱን ሙሉ አይጸናም። በዐቢይ ጾም ብዙው ጿሚ እስከ 9 ሰዓት ስለማይቀምስ የምሳው ግርግር ወደ 9 ሰዓት ይንሸራተታል፤ ከፋሲካ በኋላ ባሉት ሃምሳ ቀናት ደግሞ ረቡዕና ዓርብ ስለማይጾም የሁለቱ ቀናት ግርግር ይጠፋል። በእነዚህ ሁለት ወቅቶች ደብተሩን ለአንድ ሳምንት እንደገና እንከፍተዋለን።

በር ላይ የሚመጣው ሰው፦ ቲክቶክና ጎግል ማፕ

ቲክቶክ ካሉን ገጾች ለማያውቁን ሰዎች ከሁሉም በላይ የሚያሳየን ነው፤ ተከታይ ባይኖረንም ቪዲዮውን ይወስድልናል። ችግሩ ወዴት እንደሚወስደው ነው። ያ 60 ሺህ ሰው ያየው ቪዲዮ ከየት እንደታየ የገጹን ዘገባ ስከፍት፣ ትልቁ ክፍል ከአገር ውጭና ከሌሎች ከተሞች ነበር። ሽሮ የናፈቀው የዋሽንግተን ሰው ልብ ይሰጠናል እንጂ ቱሉ ዲምቱ ድረስ መጥቶ አይበላም።

በሚቀጥለው ጊዜ ምግቡን ሳይሆን መንገዱን አስቀደምኩ። ቪዲዮው የሚጀምረው ከታክሲ መውረጃው ነው፤ ስልኩን ይዤ እየተራመድኩ፣ የብሎኩ ቁጥር እየታየ፣ እስከ በሩ ድረስ። ሸክላው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ያየው ሰው አራት ሺህ ገደማ ብቻ ነበር፤ ሆኖም በዚያ ሳምንት ሒሳብ ሲከፍሉ «እንዴት አወቃችሁን?» ብለን ከጠየቅናቸው አዲስ ሰዎች ቲክቶክን የጠቀሱት ከመጀመሪያው ቪዲዮ ሳምንት በለጡ። ምክንያቱ ይህ ይመስለኛል፦ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ሰከንዶች አይቶ የሚቆየው ያንን መንገድ የሚያውቅ ሰው ነው፣ ገጹም ቪዲዮውን እሱን ለሚመስሉ ሰዎች ያሳያል።

ቲክቶክ ላይ የማይሠራው ቀን የተቆረጠለት ነገር ነው። «ዛሬ ማታ» ያልነው ቪዲዮ ለሰው የሚደርሰው ከሦስት ቀን በኋላ ሊሆን ይችላል። ቅናሽ ካደረግን ቀን ሳይሆን ሰዓት ነው የምንጠቅሰው፦ «ከ9 እስከ 11 ሰዓት ቡና ለጠጣ አምባሻ ከእኛ»። ይህ ዛሬም ቢታይ በሚቀጥለው ሳምንት አይበላሽም፣ ሰውን የሚልክልንም ወደ ባዶው ሰዓት ነው። ዓርብ ምሳን የሚያስተዋውቅ ቪዲዮ ግን አልሠራም፤ የሞላ ቤት ማስተዋወቅ ሰውን ቆሞ እንዲመለስ መጥራት ነው።

ጎግል ማፕ እንደ ማኅበራዊ ገጽ አይቆጠርም፣ እኛ ግን ከሁሉም በፊት ያስተካከልነው እሱን ነው። መጀመሪያ ላይ ምልክቱ ከዋናው መንገድ ማዶ ነበር የተተከለው። በመኪና የሚመጣ ሰው ማዶ ይቆምና፣ አካፋዩ ስለማያሳልፈው ርቆ ሄዶ ዞሮ ይመለሳል፣ ወይም ይተወዋል። በሩ ላይ ቆሜ ምልክቱን አዛወርኩት፣ የሥራ ሰዓቱን ሞላሁ፣ የበሩንና የብሎኩን ቁጥር ፎቶ ጨመርኩ። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ በበዓላት ሰሞን ሰዓቱን መቀየርና የአስተያየት መልስ መስጠት ነው፤ በወር ግማሽ ሰዓት ይበቃዋል። ስንት ሰው አቅጣጫ እንደጠየቀና እንደደወለም ራሱ ያሳያል። ዳር ሰፈር ላይ ያለ ቤት አንድ ነገር ብቻ ለመሥራት ጊዜ ካለው ይህንን ይሥራ።

ዴሊቨሪ፦ ቴሌግራም ቻናልና የብሎኮቹ ግሩፕ

ለዴሊቨሪ ሁለት አማራጭ ነበረን፦ በአድራሽ ድርጅት መተግበሪያ ውስጥ መግባት ወይም በራሳችን ልጅ ማድረስ። ድርጅቶቹ ቤቱን ለማያውቀው ሰው ያሳያሉ፣ ከሽያጩ ግን ድርሻ ይወስዳሉ። ዳር ሰፈር ላይ ደግሞ አምጪው ብዙ ጊዜ ከሩቅ ነው የሚመጣው፤ ምግቡ ተዘጋጅቶ ሰው ይጠበቃል። የራሳችንን ሞተር እንግዛ ብንል ደግሞ ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ አዲስ አበባ ውስጥ ሞተር ሳይክል ያለ ልዩ ፈቃድ መንዳት አይቻልም። ስለዚህ በእግር አሥር ደቂቃ የሚያስኬደውን ብቻ ለራሳችን ያዝን። በዚያ ርቀት ውስጥ ያሉት ብሎኮች ብዛት ለሁለት ወጥ ሠሪ ከበቂ በላይ ነው።

ሒሳቡን በእኛ ቤት ዋጋ ላሳያችሁ፤ የእናንተን ቁጥር ተኩበት። በያይነቱ 300 ብር ይሸጣል፣ ለማብሰል የሚወጣው 130 ገደማ ነው፣ 170 ይቀራል። ተቀምጦ የሚበላ ሰው ከዚያ ላይ ቡና ወይም ለስላሳ ይጨምራል፤ በአማካይ 60 ብር ያህል ትርፍ ያመጣል፣ ድምሩ 230። በራሳችን ልጅ የሚላከው ላይ ማሸጊያው 25 ብር ይወስዳል፣ የማድረሻውን ደንበኛው ራሱ ይከፍላል፣ መጠጥ ግን አይታዘዝም፤ 145 ይቀራል። በድርጅት በኩል ሲሆን ከሽያጩ ለምሳሌ ሃያ በመቶ ቢወሰድ 60 ብር ይቀነስና 85 ይሆናል። 145 ብር ከ230 ያነሰ ነው፤ ወንበሩ ባዶ በሆነበት ሰዓት ግን ከዜሮ ይበልጣል። ዓርብ 6 ሰዓት ላይ ዴሊቨሪ ያከሰረን፣ ማክሰኞ ማታ ደግሞ ያተረፈን በዚህ ምክንያት ነው።

ሌላው የተደበቀ ወጪ ጊዜ ነው። በያይነቱን ትሪ ላይ ማውጣት አንድ ደቂቃ ነው፤ ወጡን በየትንንሹ ዕቃ መክፈል፣ መክደንና እንጀራውን በፎይል መጠቅለል አራት ደቂቃ ያህል ይወስዳል። አሥራ አራት ትእዛዝ ማለት አንዷ ወጥ ሠሪ ለአንድ ሰዓት ምድጃውን ትታ ስታሽግ ትውላለች ማለት ነው። ስለዚህ የዴሊቨሪ ዝርዝሩን ወደ አምስት ምግብ አወረድነው። ሽሮ ለብቻው በክዳን ዕቃ ይሄዳል፣ እንጀራ ላይ ፈስሶ አይላክም። ፍርፍር ጥሩ ይጓዛል። ድንች ጥብስ በመንገድ ላይ ስለሚልም አወጣነው። ረቡዕና ዓርብ ምሳ ደግሞ ከጠዋቱ 4 ሰዓት በፊት ያላዘዘ አይላክለትም።

ለዚህ ሥራ የመረጥነው ገጽ ቴሌግራም ነው። ቻናል ላይ የተለጠፈ ነገር ለተመዘገበው ሁሉ በዚያው ሰዓት ይደርሳል፣ ገጹ ለማን ላሳይ ብሎ አይመርጥም። ሰዓት ያለው መልእክት የሚሠራው እዚህ ነው። ማክሰኞና ሐሙስ 11 ሰዓት ላይ፣ ሰው ታክሲ ውስጥ ተቀምጦ ስልኩን ሲነካካ እንዲደርሰው፣ ቀትር ላይ ጽፌ በ Schedule Message አስቀምጠዋለሁ። ጽሑፉ ይህን ያህል ነው፦

«ዛሬ ማታ፦ ሽሮ ተጋቢኖ፣ የጾም ፍርፍር፣ ፓስታ በአትክልት። ከ12 እስከ 2 ሰዓት እናደርሳለን። ብሎክ፣ ፎቅና ስልክ ይላኩልን፤ ክፍያ በቴሌብር።»

ፎቅ መጠየቁን አትናቁት። አራተኛ ፎቅ ወጥቶ ስልክ የማይነሳለት ልጅ የሚቀጥለውን ምግብ ቀዝቅዞ ያደርሳል።

ሰው ወደ ቻናሉ የመጣው በማስታወቂያ አይደለም። የየብሎኩ ነዋሪዎች ስለ ውሃና ስለ ጥበቃ የሚነጋገሩበት ግሩፕ አለ። የግሩፑን ኃላፊ አስፈቅደን አንድ ጊዜ ብቻ ለጠፍን፤ ሁለቴ ቢለጠፍ መባረር አለ። ለእያንዳንዱ ግሩፕ ከ Invite Links የተለየ ሊንክ አወጣሁ፣ ስሙንም በብሎኩ ሰየምኩት። የትኛው ብሎክ ስንት ሰው እንዳስገባ ቻናሉ ራሱ ይቆጥርልኛል። ከለጠፍንባቸው ስድስት ብሎኮች ሁለቱ ግማሹን ሰው አመጡ፤ ልጁም ማታ ማታ የሚመላለሰው ወደነዚያው ነው።

አንድ ያልጠበቅነው ነገር ደግሞ መብራት ነው። ኮንዶሚኒየም ውስጥ አብዛኛው ሰው የሚያበስለው በኤሌክትሪክ ስለሆነ፣ ማታ መብራት ሲጠፋ ስልካችን ይጨናነቃል። እኛ የምናበስለው በጋዝ ነው። አሁን መብራት በጠፋ በአምስት ደቂቃ ውስጥ «ጋዝ አለን፣ ሽሮና ፓስታ እየወጣ ነው» የሚል አንድ መስመር እለጥፋለሁ። ከዚያ የተሻለ የሚሸጥ ጽሑፍ ጽፌ አላውቅም።

ቦታ ማስያዝ፦ ቅዳሜ ማታ ለምን አቆምን

ቦታ ማስያዝ ከሦስቱ ትልቅ ገንዘብ ይመስላል፣ ምክንያቱም ሒሳቡ በአንድ ጊዜ ነው የሚከፈለው። የአክስቴ ልጅም የልደትና የምርቃት ፎቶ በብዛት እንድለጥፍ ትፈልግ ነበር። አንድ ምሳሌ ወረቀት ላይ አወረድን።

አሥራ ሁለት ሰው ቅዳሜ ማታ ለሦስት ሰዓት ሦስት ጠረጴዛ ይይዛል። በነፍስ ወከፍ 500 ብር ይበላል ይጠጣል፣ ከዚያ 280 ትርፍ ይቀራል፤ በጠቅላላው 3,360 ብር። በዚያው ሦስት ሰዓት እነዚያ 12 ወንበሮች ለእግረኛ ቢተዉ፣ ቅዳሜ ማታ ሁለት ዙር ያህል ስለሚሞሉ ቢያንስ ሃያ ሰው ይቀመጥባቸዋል፤ በ230 ብር 4,600 ይሆናል። ቡድኑን በመቀበላችን 1,240 ብር አጣን። ይኸው ቡድን እሑድ 8 ሰዓት ቢመጣ ግን እነዚያ ወንበሮች ላይ የሚቀመጠው አራት ሰው፣ ማለትም 920 ብር ነው። ቡድኑ 2,440 ብር ትርፍ ጨመረ።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ከ11 ሰዓት በኋላ ከስድስት ሰው በላይ ቦታ አናስይዝም። ደንበኛ ሲጠይቅ «የለም» አንልም፤ «እሑድ ከ8 ሰዓት ጀምሮ ሙሉ ጥጉን እንለቅላችኋለን፣ ቡናው ተቆልቶ ይፈላል» ነው መልሱ። ግማሹ ይስማማል። ክርስትናና የዕቁብ ስብሰባ ድሮም እሑድን ይመርጣል፤ የልደት ደንበኞች ናቸው የሚያንገራግሩት።

ለዚህ ሥራ ቲክቶክ አያስፈልግም። አሥራ ሁለት ሰው የሚሰበስብ ሰው ቤቱን ቀድሞ የሚያውቅ ሰው ነው፤ በብዛት ቻናላችን ውስጥ አለ፣ ወይም ፌስቡክ ላይ ዘመዱ ያጋራውን ፎቶ አይቷል። ሐሙስ ማታ አንድ ፎቶ ይበቃል፦ የተደረደረው ጥግ፣ ሳር የተጎዘጎዘበት ረከቦት፣ የነፍስ ወከፍ ዋጋ። ዋጋውን መደበቅ አልጠቀመንም፤ «በውስጥ መስመር ያነጋግሩን» ስንል ሃያ ሰው ይጠይቅና አንድ ያስይዛል፣ መልስ ሲጽፍ የሚያመሸው ደግሞ እኔ ነኝ።

ቀብድ የሌለው ቦታ እንደተያዘ አይቆጠርም። በነፍስ ወከፍ 100 ብር በቴሌብር ይላካል፣ የደረሰኙ ምስል ቴሌግራም ላይ ይመጣል፣ አስተናጋጇም ስሙን፣ የሰውን ቁጥርና ሰዓቱን ከካሸሯ ጀርባ ባለው ደብተር ላይ ትጽፋለች። ስልኬ ላይ ብቻ የተጻፈ ቦታ ያስያዝኩበት ጊዜ ነበር፤ የዚያች ዓርብ እናት ቦታ የጠፋው በዚህ ነው። መልእክታቸውን አይቼ «እሺ» ብዬ መልሼላቸዋለሁ፣ ቤቱ ውስጥ ያለ ሰው ግን አንድም አላወቀም። ከአንድ ቀን በፊት የሰረዘ ቀብዱ ይመለስለታል፣ በዕለቱ የቀረ አይመለስለትም፣ አርባ ደቂቃ የዘገየ ጠረጴዛው ይለቀቃል። ይህ ገንዘብ ከመላኩ በፊት በጽሑፍ ይነገራል፤ በኋላ ከተነገረ ጠብ ነው።

እንግዲህ የትኛውን?

ደብተራችሁ ቀኑን ሙሉ ባዶ ወንበር ካሳየ፣ ሦስት ወር ሙሉ ስለ ዴሊቨሪም ስለ ቀብድም አታስቡ፤ ጎግል ማፕን አስተካክላችሁ በሳምንት ሁለት የመንገድ ቪዲዮ ሥሩ። ቀን ባዶ፣ ማታ ግን ቤት የሚገባ ሕዝብ ባለበት ሰፈር፣ እንደ ኮዬ ፈጬ ወይም የካ አባዶ፣ መጀመሪያ የቴሌግራም ቻናሉ ነው የሚያዋጣው። ቤታችሁ ሰፊ ግቢ ኖሮት ከብሎኮች የራቀ ከሆነ፣ ለገጣፎና ሱሉልታ መንገድ ላይ እንዳሉት ቤቶች፣ እግረኛም ዴሊቨሪም አይደርሳችሁም፤ ቦታ ማስያዝና ትክክለኛ የካርታ ምልክት ነው የሚያኖራችሁ፣ ቅዳሜ ማታም ቢሆን።

የእኔ አንድ ሰዓት አሁን እንዲህ ተከፋፍላለች። ሰኞ አንድ ቪዲዮ እቀርጻለሁ፣ ማክሰኞና ሐሙስ የማታውን ዝርዝር እለጥፋለሁ፣ ሐሙስ የእሑዱን ጥግ ፎቶ እጨምራለሁ። ረቡዕና ዓርብ ምንም አልለጥፍም። ኢንስታግራሙን ከተውኩት አራት ወር ሆነው፤ እስካሁን የጠየቀኝ ሰው የለም፣ ከአክስቴ ልጅ በስተቀር።